አራተኛዋ ሳጥን

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም የልብስ ማስታወቂያው ስቶሪቦርድ ላይ ያለችው ያቺው አራተኛ ሳጥን ናት። ጨርሰናታል ብዬ ነበር፤ አልጨረስናትም።

ቸርችል ጎዳና ዳር ላለው ጠባብ ቡቲክ ማስታወቂያ ሾት በሾት በሳጥን የተሳለው ስቶሪቦርድ፣ በአንድ ስልክ የሚቀረጽ 30 ሴኮንድ። የመጨረሻው 5 ሴኮንድ ለአድራሻው ነው፤ ካነሰ ሰው አንብቦ አይጨርስም። ለልብሱ የሚቀረው 25 ነው፦ በሩ 4፣ ማንጠልጠያው 4፣ ጥለቱ በቅርብ 5፣ ሞዴሏ ስትወጣ 5። የተረፈው 7 ሴኮንድ ሳጥን አራት ነው፣ ነጠላውን ትከሻዋ ላይ ጣል የምታደርግበት።

ሰባት ሴኮንድ ሳይቆረጥ ይረዝማል። ስለዚህ ለሦስት ተከፈለ፦ ከሩቅ 3፣ እጇ 2፣ መስታወቱ 2። ስልኩ አንድ ስለሆነ ግን ሦስት ጊዜ መልበስ አለባት፣ ነገሩ የሚበላሸውም እዚህ ነው። ከሩቅ ሲቀረጽ ጥለቱ ወደ ውጭ ነበር፤ ስልኩ ቀርቦ ሲደገም ወደ ውስጥ ታጥፏል። ቀረጻው ላይ ማንም አያየውም። ሁለቱ ሾት ኤዲት ላይ ሲገጣጠሙ ግን ነጠላው ዘሎ የተገለበጠ ይመስላል።

ለዚህ ሾት ሊስቱ ላይ «ነጠላ ትለብሳለች» ብሎ መጻፍ አይበቃም። «በቀኝ እጅ፣ ወደ ግራ ትከሻ፣ ጥለቱ ወደ ውጭ» መባል አለበት፣ ሦስቱም መስመር ላይ። ከእያንዳንዱ ሾት በኋላ ያለቀበትን ፎቶ ማንሳት፣ ቀጣዩን ከመጀመር በፊት ማስተያየት። ደግሞ ክሎዝ አፑ ሲቀረጽ ሞዴሏ የምትፈለገዋን 2 ሴኮንድ ብቻ አትልበስ፤ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ትልበስ። እጇ ትከሻዋን ሲያልፍ፣ እንቅስቃሴው መሀል ላይ ስትቆርጡት፣ ዓይን እጁን ተከትሎ ይሄዳል፣ መቆረጡን አያይም። ቁርጥራጩን ብቻ ከቀረጻችሁ እጁ ከቆመበት ይነሳል፤ ያኔ መጋጠሚያው ይታያል።

ነጩስ? ስልኩ ብርሃኑን በራሱ ሲያስተካክል፣ ነጠላው ፍሬሙን ሲሞላ ያጠቁረዋል፣ ጨለም ባለው ሱቅ ውስጥ ርቆ ሲታይ ደግሞ አንጥቶ ሽመናውን ያጠፋዋል። አንድ ነጠላ ሁለት ቀለም። ስክሪኑ ላይ ነጠላው ያለበትን ተጭኖ መቆየት፣ ብርሃኑና ፎከሱ መቆለፋቸውን ሲነግር፣ AE/AF LOCK ሲል፣ ሽመናው እስኪለይ ብርሃኑን ጥቂት ዝቅ ማድረግ። ስልኩ ቦታ በቀየረ ቁጥር ደግሞ እንደገና፤ ያለበለዚያ ፎከሱ የድሮው ርቀት ላይ ይቀራል።

መስታወቱ... እሱ ነው ያላስተኛኝ። ፊት ለፊት ከተቆመ ስልኩ ራሱ ይታያል፣ ወደ ጎን መቆም ግድ ነው። ጎን ሲኮን ደግሞ ሱቁ ጠባብ ነው፣ ግማሽ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚገባው። ምናልባት መስታወቱ ይውጣና 2 ሴኮንዱ ለሩቁ ሾት ይጨመር፣ ነጠላው ወርዶ ሲያርፍ ይታይ። ግን እኮ ራሷን የምታይበት ሾት ያ ብቻ ነው። ሳጥኗን አጥፍቼ እንደገና ሳልኳት። አሁንም...