ፖስቶቻችን በጆሮ ሲነበቡ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ።

አብዛኞቻችሁ እዚህ ባሕር ዳር ጀልባ የምታከራዩ፣ የምታስጎበኙ ወይም ካፌ ያላችሁ ናችሁ። ስለዚህ ሥራችንን የሚመለከት አንድ ፖስት ላንሳ። ፖስቱ የራሴ ነው።

ወደ ዘጌ የጀልባ ጉዞ አዘጋጅቼ ፖስተር ለጠፍኩ። ቀኑ፣ የመነሻው ሰዓት፣ ዋጋው፣ ስልኩ፣ ሁሉም ምስሉ ላይ ነበር። በጽሑፍ ያስቀመጥኩት «እንዳያመልጣችሁ!» የሚል ቃልና ስድስት የጀልባ ኢሞጂ ብቻ ነው።

አንድ ዓይነ ስውር ጓደኛ አለኝ። ስልኩን የሚጠቀመው በቶክባክ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነብለታል። ፖስቴን አብረን አዳመጥነው። ስልኩ «እንዳያመልጣችሁ» አለ። ቀጥሎ የኢሞጂውን ስም በእንግሊዝኛ ስድስት ጊዜ ጠራ። ከዚያ «ፎቶ» ብሎ ዝም አለ። ጓደኛዬ «ታዲያ መቼ ነው የምትሄዱት?» አለኝ። በጣም አዘንኩ።

ያን ማታ አስተካከልኩት። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ዋጋውን ከምስሉ አውጥቼ በጽሑፍ አስቀመጥኩ። ኢሞጂውን አንድ ብቻ አድርጌ መጨረሻ ላይ አኖርኩት፤ አረፍተ ነገር መሀል ከገባ ንባቡን ይቆርጠዋል። ፌስቡክ ላይ ፎቶውን ኤዲት ስታደርጉ የምስል መግለጫ መጻፊያ ቦታ አለ። እዚያ እንዲህ ጻፍኩ፦ «አንድ ሰው የደንገል ታንኳ ላይ ተቀምጦ እየቀዘፈ ነው። ከኋላው የዘጌ ደን ይታያል።» «ይህ ፎቶ» ብሎ መጀመር አያስፈልግም፤ ፎቶ መሆኑን ስልኩ ራሱ ይናገራል። መግለጫውን ባዶ ከተዋችሁት ፌስቡክ በራሱ ግምት ይሞላዋል፤ ውሃና ጀልባ ይል ይሆናል እንጂ ታንኳውንም ዘጌንም አያውቅም።

የቀረው ሀሽታጉ ነበር፤ ብዙ ያስቸገረኝም እሱ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። #laketanaboattrip ሲነበብ ይዘበራረቃል። #LakeTanaBoatTrip ብትሉት ግን ቃላቱ ይለያያሉ፤ ፍለጋ ላይም ሁለቱ አንድ ናቸው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ #የጣናሐይቅጉዞ ከማለት ቃላቱን በታች መስመር ለይቶ #የጣና_ሐይቅ_ጉዞ ማለት ይሻላል። ባዶ ቦታ ወይም ሰረዝ ከገባ ሀሽታጉ እዚያው ይቆረጥና #የጣና ብቻ ይቀራል።

አንድ ችግር ግን አለ። #ጣናሐይቅ እና #ጣና_ሐይቅ በፍለጋ ሁለት የተለያዩ ሀሽታጎች ናቸው። ሰው ተጣብቆ በተጻፈው የሚፈልግ ከሆነ የእኛን አያገኘውም። በበኩሌ አጭሩን #ባሕርዳር እንዳለ እተወዋለሁ፤ ረጅሙን በታች መስመር እለያለሁ። ከሁለት ሀሽታግ በላይም አልጠቀምም፣ ሁሉንም ከጽሑፉ ሥር አደርጋለሁ።

ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ቶክባክን ከስልካችሁ ሴቲንግ ከፍታችሁ የራሳችሁን ፖስት አዳምጡ። ሲበራ አንዴ መንካት ያነብላችኋል፤ ለመክፈት ሁለቴ መንካት ነው። ስልኩ የተበላሸ ይመስላችኋልና አትደንግጡ፤ ለማጥፋትም በዚያው መንገድ ነው።

አመሰግናለሁ።