አንድ የእምቢታ ደብዳቤ በሕግ መሰላል ላይ የት ይቀመጣል?

(በስክሪኑ ላይ፦ ማኅተም ያረፈበት የአንድ ገጽ ደብዳቤ)

ይህ ደብዳቤ ለምሳሌ ብለን ያዘጋጀነው ነው። አንድ ባለሙያ የሙያ ፈቃዱን ለማሳደስ ለአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት አመልክቶ፣ «የሥራ ቦታዎ ስፋት ከ40 ካሬ ሜትር ያነሰ በመሆኑ በመመሪያው መሠረት ጥያቄዎን መቀበል አልተቻለም» የሚል መልስ ደርሶታል እንበል። ፈቃዱን የሚገዛው አዋጅ ግን ለእድሳት የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የግብር ክሊራንስና የእድሳት ክፍያ። ስለ ካሬ ሜትር አዋጁ አንድም ቃል አልተናገረም። ደብዳቤው ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለመመለስ በመጀመሪያ ከበላዩ ያሉትን ሕጎች በየደረጃቸው ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

(በስክሪኑ ላይ፦ መሰላል፤ ከላይ ወደ ታች ሕገ መንግሥት፣ አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያ)

በኢትዮጵያ ፌዴራል ሥርዓት ከሁሉም በላይ ያለው በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት ነው። ከሱ በታች የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያወጣው አዋጅ፣ ከአዋጅ በታች የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚያወጣው ደንብ፣ ከደንብ በታች ደግሞ ሚኒስቴሮችና ሌሎች አስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶች የሚያወጡት መመሪያ ይገኛል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የማውጣት ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 77 ንዑስ አንቀጽ 13 ላይ ተጠቅሷል፤ ይሁንና አንቀጹ ራሱ ይህ ሥልጣን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚሰጠው ሥልጣን መሠረት የሚሠራበት መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ደንብም ሆነ መመሪያ ከራሱ የሚነሳ ሥልጣን የለውም፤ ሁለቱም በውክልና የሚወጡ ሕጎች ናቸው።

እዚህ ላይ ስም ሊያሳስተን እንደሚችል ልብ እንበል። ዕድርም «መተዳደሪያ ደንብ» አለው፣ ኩባንያም «የውስጥ መመሪያ» ያወጣል፤ ሁለቱም ግን በዚህ መሰላል ላይ የሉም። ደረጃውን የሚወስነው በሽፋኑ ላይ የተጻፈው ቃል ሳይሆን ሰነዱን ያወጣው አካልና ያንን አካል የወከለው ሕግ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንመለስ። ደብዳቤው መመሪያ አይደለም። መመሪያ በስም ላልተጠቀሱ፣ ሁኔታው ለሚመለከታቸው ሰዎች ሁሉ የሚሠራ፣ ነገም ሌላ አመልካች ሲመጣ የሚጠቀስ ጠቅላላ ድንጋጌ ነው። ደብዳቤው ግን የአንድን ሰው ጉዳይ በአንድ ቀን የቋጨ በመሆኑ አስተዳደራዊ ውሳኔ ይባላል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ም ሁለቱን ለይቶ ነው የሚመለከታቸው፤ መመሪያ የሚወጣበትን ሥርዓት አንድ ቦታ፣ ውሳኔ የሚሰጥበትን ሥርዓት ሌላ ቦታ ይደነግጋል። ውሳኔው የመሰላሉ አምስተኛ እርከን ነው ማለትም ትክክል አይሆንም፤ ውሳኔ ሕግ አይፈጥርም፣ ሕጉን በአንድ ጉዳይ ላይ ይተገብራል እንጂ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ግን ውሳኔንም አልተወውም፤ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ሕግና ልማዳዊ አሠራር ብቻ ሳይሆን የመንግሥት አካል ወይም ባለሥልጣን ውሳኔም ተፈጻሚነት እንደማይኖረው በግልጽ አስፍሯል።

በተግባር ብዙ ጊዜ የሚያደናግረው በሁለቱ መካከል ያለው ሰርኩላር ነው። አንድ የበላይ ኃላፊ «ከዛሬ ጀምሮ ከ40 ካሬ ሜትር በታች ቦታ ላላቸው ፈቃድ አይታደስ» የሚል ደብዳቤ ለቅርንጫፎች ቢበትን፣ ወረቀቱ ደብዳቤ ቢመስልም ይዘቱ የማይታወቁ ሰዎችን መብት የሚነካ ጠቅላላ ድንጋጌ ነው። በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለው ሰርኩላር የመመሪያን ሥራ የመመሪያን ሥርዓት ሳይከተል የሚሠራ ነውና መመዘን ያለበትም በመመሪያ መስፈርት ነው። «ከላይ የወረደ ነው» የሚለው የመስኮት መልስ የሚያስረዳው ትእዛዙን ማን እንደላከው ብቻ ነው፤ በየትኛው ሕግ እንደላከው አይናገርም።

(በስክሪኑ ላይ፦ ከደብዳቤው ወደ መመሪያው፣ ከመመሪያው ወደ አዋጁ የሚወጣ ቀስት)

ምርመራው ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጁ ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ስለሚጠይቅ፣ አመልካቹ በመጀመሪያ የሚያየው ደብዳቤው የየትኛውን መመሪያ ስንተኛ አንቀጽ እንደጠቀሰ ነው። «በመመሪያው መሠረት» ብሎ ቁጥር ሳይጠቅስ ያለፈ ደብዳቤ ገና ከመነሻው ጉድለት አለበት።

ቀጥሎ መመሪያው ራሱ በሕይወት መኖሩ ይጣራል። አዋጆችና ደንቦች በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይታተማሉ፤ መመሪያዎች ግን በአብዛኛው እዚያ ስለማይወጡ ለረጅም ጊዜ በመሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ይኖሩ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ይህን ለመለወጥ ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት እንዲቀርብ፣ የጸደቀው መመሪያም እንዲመዘገብና በድረ ገጽ እንዲጫን አስገድዷል። ምዝገባው በመጀመሪያ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የተሰጠ ሲሆን ዛሬ የፍትሕ ሚኒስቴር ሥራ ነው። ያልተመዘገበና ለሕዝብ ያልተገለጸ መመሪያ ሊፈጸም አይገባም። ስለዚህ የተጠቀሰው መመሪያ የምዝገባ ቁጥር ከሌለው ክርክሩ ወደ ካሬ ሜትሩ ሳይደርስ ሊያበቃ ይችላል።

መመሪያው ተመዝግቧል እንበል። ያን ጊዜ የሚነበበው መግቢያው ነው፤ «በአዋጁ አንቀጽ ይህን ያህል በተሰጠው ሥልጣን መሠረት» የሚለው ዐረፍተ ነገር። የጉዳዩ እምብርት ያለው እዚህ ነው። በምሳሌያችን የተጠቀሰው አንቀጽ «መሥሪያ ቤቱ ይህን አዋጅ ለማስፈጸም መመሪያ ሊያወጣ ይችላል» ብቻ የሚል ከሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ የግብር ክሊራንሱ በምን ቅጽ እንደሚቀርብ፣ ክፍያው የት እንደሚፈጸም፣ ማመልከቻው በስንት ቀን እንደሚታይ ሊዘረዝር ይችላል። አዋጁ በሁለት መስፈርት የዘጋውን በር በሦስተኛ መስፈርት ማጥበብ ግን ማስፈጸም ሳይሆን አዋጁን ማሻሻል ነው፤ አዋጅን የሚያሻሽለው ደግሞ አዋጅ ነው። በአንጻሩ አዋጁ ከሁለቱ መስፈርቶች ቀጥሎ «እንዲሁም በመመሪያ የሚወሰኑ ሌሎች መስፈርቶችን ያሟላ» የሚል ሐረግ ቢኖረው መልሱ ይገለበጣል፤ አርባው ካሬ ሜትር የተወከለ ሥልጣን ውስጥ ይገባል፣ የአመልካቹም ክርክር በእጅጉ ይሳሳል። ሙሉውን ጉዳይ የሚወስነው አንዳንዴ ይህን የመሰለ አንድ ሐረግ ነው፤ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚያነበው መመሪያውን እንጂ አዋጁን አይደለም።

ሕገ መንግሥቱስ? አንቀጽ 41 በኢኮኖሚያዊ እንቅስቃሴ የመሰማራትንና ሥራን የመምረጥን መብት ስለሚያውቅ አመልካቹ ሊጠቅሰው ይችላል። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትን የሚተረጉመው በአንቀጽ 62 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ጉዳዩም በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል ያልፋል። መመሪያው ከአዋጁ ውክልና ወጥቷል የሚለውን ጥያቄ ግን ፍርድ ቤት ራሱ ይመረምረዋል። መመሪያው በአዋጁ የሚወድቅ ከሆነ ወደ ሕገ መንግሥቱ መውጣት አያስፈልግም።

አቤቱታው በቅድሚያ በራሱ በመሥሪያ ቤቱ የቅሬታ ሰሚ ዘንድ ይቀርባል፤ በዚያ ካልተፈታ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጁ የሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችንና የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ከተማ አስተዳደሮችን በመሆኑ፣ ፈቃዱን የከለከለው የክልል ቢሮ ከሆነ መንገዱ በክልሉ ሕግ ይፈለጋል።

በአቤቱታው ላይ የሚጠየቀው ዳኝነትም ስህተቱ የተገኘበትን እርከን መከተል አለበት። መመሪያው ደህና ሆኖ ሠራተኛው 42 ካሬ ሜትሩን 38 ብሎ ለክቶ ከሆነ፣ የሚሻረው ደብዳቤው ብቻ ነው፤ መመሪያው በሌሎች አመልካቾች ላይ እንደቀድሞው ይሠራል። ጉድለቱ በመመሪያው ውስጥ ከሆነ ግን ደብዳቤውን ብቻ አሽሮ የተመለሰ ሰው በሚቀጥለው የእድሳት ወቅት ያንኑ መልስ እንደገና ሊቀበል ይችላል፤ ስለዚህ አርባው ካሬ ሜትር የሰፈረበት የመመሪያው አንቀጽ እንዲሻር ለይቶ መጠየቅ ይኖርበታል።