ስሙን መጨረሻ ላይ ጥሩት

እዚህ የተቀመጣችሁት በሙሉ መድረክ ትመራላችሁ፤ ወይም በቅርቡ ማይክ ይሰጣችኋል። ተናጋሪ ትጋብዛላችሁ፣ ተናጋሪ ታመሰግናላችሁ። ዛሬ የማወራው ተናጋሪው ከመቆሙ በፊት ስላለችው አንዲት ደቂቃና ከጨረሰ በኋላ ስላሉት ጥቂት ሰከንዶች ነው።

በዚያች ደቂቃ አፋችን ላይ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። «ማስተዋወቅ የማያስፈልጋቸው እንግዳችን»፣ «ለቀባሪው ማርዳት እንዳይሆንብኝ»፣ «ጊዜያችሁን ላለመሻማት»፣ «ነገሬን ሳላስረዝም»፣ «ሞቅ ባለ ጭብጨባ ተቀበሉልኝ»። እነዚህን ለመተው መጀመሪያ ምን ሥራ እንደሚሠሩ ማወቅ አለብን። ሥራቸውን ሳናውቅ ብናወጣቸው ቦታቸው ባዶ ይቀራል፤ በማግስቱም ተመልሰው ይመጣሉ።

«ጊዜያችሁን ላለመሻማት» የምትለዋ አንድ ትክክለኛ ሥራ አላት። ምልክት ናት። ለተናጋሪው «ተነስ» ትላለች፣ ለታዳሚው «እጅህን አዘጋጅ» ትላለች። ችግሩ ምልክቱን የምትሰጠው አስተዋዋቂው እስካሁን ያወራውን ሁሉ የጊዜ ማባከኛ አድርጋ መሆኑ ነው። «ማስተዋወቅ የማያስፈልጋቸው» ደግሞ ከዚህ ትብሳለች። አዳራሹ ውስጥ ተናጋሪውን የማያውቅ ሰው ሁልጊዜ አለ። ያ ሰው ይህችን ሲሰማ ከሌሎቹ ያነሰ የሚያውቅ እንግዳ መሆኑ ይሰማዋል። ለእሱ ነበር ማስተዋወቁ የሚያስፈልገው።

ታዲያ ምልክቱን በምን እንተካው? በስሙ። የተናጋሪው ሙሉ ስም የመጨረሻው ቃል ይሁን። ከስሙ በኋላ አንድም ቃል አትጨምሩ።

በአማርኛ ይህ ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዓረፍተ ነገራችን የሚያልቀው በግስ ነው። ስለዚህ ሳናስብበት «ዶክተር እገሌን ወደ መድረክ እንዲመጡልን በአክብሮት እጋብዛለሁ» እንላለን። ምን እንደሚሆን አስተውሉ። ሰው ስሙን እንደሰማ ማጨብጨብ ይጀምራል። «በአክብሮት እጋብዛለሁ» የሚለው በጭብጨባው ተውጦ ይቀራል። ተናጋሪውም ግማሽ ተነስቶ፣ ልሂድ ወይስ ልጠብቅ ብሎ ይቆማል። መፍትሔው ቀላል ነው። ግሱን ቀድማችሁ ጨርሱት፣ ትንሽ እረፉ፣ ከዚያ ስሙን ለብቻው ጥሩት። «አሁን መድረኩን ለእሳቸው እለቃለሁ። ዶክተር እገሌ።» አለቀ። «አጨብጭቡ» ማለት አያስፈልጋችሁም፤ ታዳሚው ካመነታ እናንተ ጀምሩት።

ስሙን ስትጠሩ ፊታችሁ ወደ ታዳሚው ይሁን። ብዙዎቻችን ልክ ስሙ ላይ ስንደርስ ወደ ተናጋሪው እንዞራለን፤ ማይኩ ግን አብሮን አይዞርም። ከመግቢያው ሁሉ በግልጽ መሰማት ያለበት ቃል ያኔ ይጠፋል። ዙሩ፤ ግን ከጠራችሁ በኋላ።

አሁን አንድ መግቢያ አብረን እንሥራ። እንበል አንዲት አዋላጅ ነርስ ተጋብዘዋል። ታዳሚዎቹ ሊመረቁ የደረሱ የነርስ ተማሪዎች ናቸው። ርዕሱ «መጥፎ ዜናን ለቤተሰብ እንዴት እንናገራለን?» ነው። የተለመደው መግቢያ ይህን ይመስላል፦

«ቀጣይዋ እንግዳችን ማስተዋወቅ የማያስፈልጋቸው፣ አንጋፋና ተወዳጅ ባለሙያ ናቸው። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በነርሲንግ፣ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በጤና አስተዳደር አግኝተዋል። በተለያዩ ቦታዎች በተለያዩ የሥራ መደቦች አገልግለዋል። ዛሬም እጅግ ድንቅ ንግግር ያቀርቡልናል። ጊዜያችሁን ላለመሻማት፣ በሞቀ ጭብጨባ እንድትቀበሉልኝ።»

እዚህ ውስጥ ውሸት የለም። ግን ይህን መግቢያ ለሌላ ነርስ ብታነቡት ያው ይሠራል። የደከመ መግቢያ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ስሙን ቀይራችሁ አንብቡት፣ ካልተበላሸ ገና አልጻፋችሁም። «እጅግ ድንቅ» የሚለው ደግሞ ተናጋሪዋ ላይ ሸክም ይጭናል። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ድንቅ የመሆን ዕዳ አለባቸው።

አዲሱን ለመጻፍ የሕይወት ታሪካቸውን በወረቀት መቀበል አይበቃም። ደውሉላቸው። ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። «ይህን ርዕስ ለምን መረጡ?» እና «እነዚህ ልጆች ከአዳራሹ ሲወጡ ምን እንዲያደርጉ ይፈልጋሉ?» ስማቸው በትክክል እንዴት እንደሚነበብና ምን ተብለው መጠራት እንደሚፈልጉም እዚያው ጠይቁ። የቀጥታ መልሳቸው ውስጥ ከማዕረጋቸው የሚበልጥ ነገር ታገኛላችሁ። እንበልና «ተማሪ ሳለሁ ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ በር ላይ ቆሜ ነው የተማርኩት» አሏችሁ። ይህን ለታዳሚው ልንገርላቸው ወይ ብላችሁ ፈቃድ ጠይቁ። እሳቸው በንግግራቸው ሊከፍቱበት ያሰቡት ከሆነ ተዉላቸው። የሰውን ጨዋታ ቀድሞ ማውራት ትልቅ በደል ነው።

ፈቃዱ ከተገኘ መግቢያው እንዲህ ይሆናል፦

«በቅርቡ ሥራ ትጀምራላችሁ። አንድ ቀን በር ከፍታችሁ ስትወጡ፣ ዓይን ዓይናችሁን የሚያይ ቤተሰብ ይጠብቃችኋል። የያዛችሁት ወሬ ደግ አይደለም። የመጀመሪያው ቃላችሁ ምን ይሁን? የዛሬዋ እንግዳችን ይህን በትምህርት ቤት አልተማሩትም፤ በር ላይ ቆሜ ነው የተማርኩት ይላሉ። ዛሬ የማዋለጃ ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ አዲስ የሚመጡ ነርሶችን የሚያለማምዱትም እሳቸው ናቸው። እናንተ ግን በር ላይ ከመቆማችሁ በፊት እንድትሰሙት ብለው መጥተዋል። ሲስተር እገሊት።»

ከታዳሚው ተነሳን፣ ወደ ርዕሱ ሄድን፣ ከዚያ ለምን እሳቸው እንደሚናገሩ አሳየን፣ በስም ዘጋን። ዲግሪዎቹ ወጡ፤ ርዕሱን የሚደግፈው ልምድ ብቻ ቀረ። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ከሁለት ደቂቃ ካለፈ ንግግር እየሆነባችሁ ነው፤ ቁረጡ።

ሁሉንም የተለመደ ቃል አውጡ እያልኩ አይደለም። ባለሥልጣናትና የሃይማኖት አባቶች ባሉበት መድረክ ማዕረጉና ተራው በሥርዓቱ ይጠራል። እዚያ አዲስ ነገር መፍጠር ድፍረት ነው። አዲሱ ዓረፍተ ነገራችሁ ከማዕረጉ ቀጥሎ ይግባ።

ማመስገኛው ላይ ደግሞ የበለጠ እንሰንፋለን። «እጅግ አስተማሪ ንግግር ነበር፤ በድጋሚ እናመሰግናለን» እንላለን። ይህን ንግግሩን ያልሰማ ሰውም ይለዋል። መስማታችሁን የሚያሳየው አንድ የተጠቀሰ ነገር ነው። ስለዚህ ተናጋሪው ሲናገር እናንተ ቀጣዩን ፕሮግራም አታስተካክሉ፤ እስክሪብቶ ያዙ። ሲስተሯ መሐል ላይ «ቆማችሁ አትንገሩ፤ መጀመሪያ አብራችኋቸው ተቀመጡ» ቢሉ፣ ያንን ጻፉት። ሲጨርሱ «ሲስተር፣ ‹መጀመሪያ አብራችኋቸው ተቀመጡ› ያሉንን ይዘን እንወጣለን። እናመሰግናለን» በሉ። አንዱ ይበቃል። ሦስትና አራት ነጥብ መደርደር ከጀመራችሁ ንግግሩን ደግማችሁ እያቀረባችሁት ነው፤ የራሳችሁን አስተያየት ከጨመራችሁበት ደግሞ የመጨረሻውን ቃል ከተናጋሪው ወሰዳችሁበት።

አሁን ወረቀት አውጡ። አጠገባችሁ ያለውን ሰው ነገ ስለ ሥራው እንዲናገር ጋብዛችሁታል እንበል። ሁለቱን ጥያቄዎች ጠይቁት፤ ስሙን እንዴት እንደምትጠሩት አረጋግጡ። ከዚያ አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ የመጨረሻው ቃል ስሙ ይሁን። አሥር ደቂቃ አላችሁ፤ ከፊተኛው ረድፍ እንጀምራለን።