ለብዙ ማድረሻ አጭሩ ዙር፦ ርቀቱ ሌላ፣ ተራው ሌላ

ሰላም፣ ሰላም! እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ጉዳያችን አንድ ነው። አንድ መጋዘን አለ። ብዙ ማድረሻ ነጥቦች አሉ። አንዲት መኪና ከመጋዘኑ ወጥታ ሁሉንም ታዳርስና ትመለሳለች። አጭሩ ዙር የቱ ነው?

የመንገድ መረብ ሌየሩ ተጭኗል። የነጥብ ሌየሩም ተጭኗል። QGIS ከፊታችን ነው። ሌየር መጫንና ፕሮጀክሽን መቀየር ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምቀጥለው። የማታውቁ ካላችሁ፣ ቻናሉ ላይ የጀማሪዎች ዝርዝር አለላችሁ። እሱን አይታችሁ ኑ፤ ይህ ቪዲዮ የትም አይሄድም።

መሣሪያውን ከመንካታችን በፊት ግን አንድ ነገር በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉልኝ። በጣም የምወደው ምሳሌ ነውና ትንሽ ታገሱኝ።

ሲባጎ ውሰዱ። እያንዳንዱን መንገድ በሲባጎ ሥሩት። የ3 ኪሎ ሜትር መንገድ ከሆነ 3 ስንዝር ሲባጎ፣ የ5 ኪሎ ሜትር ከሆነ 5 ስንዝር። መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ቋጠሮ ቋጥሩ። ደንበኞቹ ያሉበትም ቦታ ቋጠሮ ይሁን። መጋዘኑም ቋጠሮ ነው። አሁን መረቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት።

የመጋዘኑን ቋጠሮ በሁለት ጣት ያዙና ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሱት። ቀስ ብላችሁ! መጀመሪያ ከጠረጴዛው የሚነሣው ቋጠሮ የትኛው ነው? ለመጋዘኑ በመንገድ በጣም የሚቀርበው ነው። ቀጥሎ የሚነሣው ሁለተኛው ቅርብ ነው። እንዲህ እያለ ተራ በተራ ሁሉም ይነሣል። መረቡ ሙሉ በሙሉ አየር ላይ ሲንጠለጠል፣ አንድ ቋጠሮ ከጣታችሁ ስንት ስንዝር ዝቅ ብሎ ተንጠለጠለ? እሱ ከመጋዘኑ ያለው አጭሩ ርቀት ነው። ተወጥሮ የያዘው ሲባጎ ደግሞ አጭሩ መንገድ ራሱ ነው። የረገበው ሲባጎ? እሱ ዙሪያ ጥምጥም የሚወስደው መንገድ ነው፤ አያስፈልገንም።

አያምርም? እኔ ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። ምክንያቱም ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም። የዳይክስትራ ስልት የሚሠራው ልክ እንዲህ ነው። ኤድስገር ዳይክስትራ በ1956 አስቦት በ1959 ያሳተመው ስልት ነው። ከመነሻው ይጀምራል፣ ቅርቡን ቋጠሮ ይዘጋል፣ ከዚያ ቀጣዩን ቅርብ፣ ከዚያ ቀጣዩን። QGIS ውስጥ ያሉት የ`Shortest path` መሣሪያዎች በዚሁ ነው የሚሠሩት። ርቀቱን ትታችሁ በጊዜ መሥራት ከፈለጋችሁ ሲባጎውን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በደቂቃ ለኩት፤ ሌላው ሁሉ ያው ነው። ሲባጎው የማይችለው አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ዋንዌይ። ሲባጎ በሁለቱም በኩል ይጎተታል። ዋንዌይ መንገድ ግን በአንድ በኩል ብቻ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ። `Shortest path (point to layer)` ክፈቱ። መነሻው መጋዘኑ፣ መድረሻው የደንበኞች ሌየር። አስኬዱት። የሚያምር ሥዕል ይወጣል፣ ሁሉም ደንበኛ ጋ መስመር ደርሷል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሥራው አለቀ ብሎ ያርፋል። `cost` የሚለውን ዓምድ ይደምርና "ዙሩ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ነው" ይላል። አይደለም! የወጣው ዙር አይደለም። መኪናዋ ከመጋዘን ወደ አንዱ ደንበኛ፣ እንደገና ከመጋዘን ወደ ሌላው፣ እንደገና ከመጋዘን ወደ ሦስተኛው ነው። በመጋዘኑ ቋጠሮ ስታነሡት መረቡ የነገራችሁ ከመጋዘን ያለውን ርቀት ብቻ ነው። ከደንበኛ ወደ ደንበኛ ስላለው ምንም አልተናገረም።

እሱን ለማወቅ ምን ታደርጋላችሁ? መረቡን በእያንዳንዱ ደንበኛ ቋጠሮ ይዛችሁ ታነሣላችሁ። መጋዘኑን ጨምሮ 5 ነጥብ ካለ 5 ጊዜ። ውጤቱን ሰንጠረዥ ላይ ትጽፋላችሁ፤ ከየት፣ ወዴት፣ ስንት። 20 ርቀት ይወጣል፤ መሄጃው ለብቻ፣ መምጫው ለብቻ። ይህ የርቀት ማትሪክስ ይባላል። QNEAT3 የሚባለውን ፕላጊን ከጫናችሁ ማትሪክሱን በአንድ ጊዜ ያወጣላችኋል፤ የምትፈልጉት ዓምድ `total_cost` ነው። አንድ አደራ አለኝ፤ QGIS ላይ `Distance matrix` የሚል ሌላ መሣሪያ አለ። ስሙ ያታልላል። የሚለካው ቀጥታ በአየር ላይ ያለውን ርቀት ነው፤ መንገድ አያውቅም። በሁለት ደንበኞች መካከል ወንዝ ካለ ጎረቤት ናቸው ይላችኋል።

ማትሪክሱ ከወጣ በኋላ ተራውን መወሰን ነው። እዚህ ላይ ግን ልቆም ነው፤ ምክንያቱም ከእናንተ ደጋግሞ የሚመጣልኝ አንድ ሐሳብ አለ። "ይህ ሁሉ ለምን? ሾፌሩ ካለበት ቦታ ሁልጊዜ ወደሚቀርበው ደንበኛ ይሂድ፣ አለቀ!" የሚል። በጣም አሳማኝ ነው። ልክ ግን አይደለም። ኑ አብረን እንቁጠር።

አንድ ቀጥ ያለ መንገድ አለ እንበል። መጋዘኑ መንገዱ ላይ ነው። በስተምሥራቅ ሁለት ደንበኞች አሉ፤ አንዱ 2 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ሌላው 9 ላይ። በስተምዕራብም ሁለት አሉ፤ አንዱ 3 ላይ፣ ሌላው 17 ላይ። ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም።

ሾፌሩ ቅርብ ቅርቡን ይከተል። መጀመሪያ ምሥራቅ 2፤ 2 ኪሎ ሜትር ሄደ። አሁን የቱ ይቀርበዋል? ምሥራቅ 9 በ7 ኪሎ ሜትር ነው፣ ምዕራብ 3 ደግሞ በ5። ስለዚህ ዞሮ ወደ ምዕራብ 3 ሄደ። አሁንስ? ምዕራብ 17 በ14 ነው፣ ምሥራቅ 9 በ12። እንደገና ዞሮ ወደ ምሥራቅ 9። ቀረ አንድ፤ ምዕራብ 17። እሱ ከዚህ 26 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ወደ መጋዘን 17። ደምሩት፤ 2፣ 5፣ 12፣ 26፣ 17። ስልሳ ሁለት ኪሎ ሜትር!

ሌላ ተራ እንሞክር። ምሥራቅ 2፣ ቀጥሎ ምሥራቅ 9፣ ከዚያ ምዕራብ 3፣ ከዚያ ምዕራብ 17፣ ከዚያ ወደ ቤት። 2፣ 7፣ 12፣ 14፣ 17። ሃምሳ ሁለት። 10 ኪሎ ሜትር ተረፈ፣ ያውም በ4 ደንበኛ ብቻ። ቅርብ ቅርቡን መከተል መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ ያስደስታል። ዕዳው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ዘለን ዘለን የተውናቸው ሩቅ ደንበኞች ይጠብቁናል።

"እሺ፣ ሁሉንም ተራ እንሞክርና ትንሹን እንውሰድ" ትሉ ይሆናል። ለትንሽ ነጥብ ልክ ናችሁ። ኮዱም አጭር ነው። `d` የርቀት ማትሪክሱ ነው፣ 0 መጋዘኑ ነው።

```python
from itertools import permutations

def length(order):
    p = (0,) + order + (0,)
    return sum(d[a][b] for a, b in zip(p, p[1:]))

best = min(permutations(range(1, len(d))), key=length)
print(best, length(best))
```

ለ4 ደንበኛ 24 ተራ ብቻ ነው። ለ10 ደንበኛ 3,628,800 ይሆናል፤ ኮምፒውተሩ ትንሽ አስቦ ይመልሳል። ለ15 ግን ከ1.3 ትሪሊዮን ይበልጣል። እዚያ አትድረሱ። ነጥባችሁ ከበዛ QGIS ውስጥ ከ`GRASS` መሣሪያዎች መካከል `v.net.salesman` አለ። እሱ ዙሩን በግምታዊ ስልት ይሠራል፤ ጥሩ ዙር ይሰጣችኋል፣ ፍጹም አጭሩ ስለመሆኑ ግን ዋስትና የለውም። ነጥቦቹን ከመንገዱ ጋር የሚያገናኝበት የርቀት ገደብ አለ፣ መነሻው 50 ነው። 50 ምን? የሌየሩ መለኪያ። ሌየራችሁ በሜትር ከሆነ 50 ሜትር ነው፣ መልካም። በ`EPSG:4326` ከሆነ ግን 50 ዲግሪ ነው! ስለዚህ መጀመሪያ ሌየሩን ወደ ሜትር ቀይሩት።

ውጤቱ እንግዳ ቢሆንባችሁስ? ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የተራው ሳይሆን የመረቡ ነው። ወደ ሲባጎው ተመለሱ። ሁለት መንገዶች የሚገናኙ ይመስላሉ፣ ግን ቋጠሮው አልተቋጠረም፤ በመካከላቸው የግማሽ ሜትር ክፍተት አለ። በዓይን አይታይም። ምልክቱ ግን ይታያል፤ ጎረቤት ደንበኛ ጋ ለመድረስ መስመሩ ሰፈሩን ዞሮ ይመጣል፣ ወይም መሣሪያው መንገድ የለም ብሎ ይቆማል። `Topology tolerance` ላይ ትንሽ ቁጥር፣ ለምሳሌ 1 ሜትር፣ ብታስገቡ እንዲህ ያለውን ክፍተት ይቋጥርላችኋል። 20 ሜትር ብታስገቡ ግን ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት መንገዶችን ያጣብቃል።

ተቃራኒውም ጥፋት አለ። ሁለት መስመሮች የተቆራረጡበትን ቦታ ሁሉ በጅምላ ቆርጦ የሚያገናኝ ሰው አለ፣ መረቡ "ንጹሕ" እንዲሆን። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ከላይ የሚያልፈው ድልድይና ከሥሩ የሚያልፈው መንገድ ይቋጠራሉ። መኪናዋ ከድልድዩ ላይ ወደ ታች እንድትዘል ካርታው ፈቀደ ማለት ነው።

በመጨረሻ ዋንዌይ። የመንገድ ሌየሩ ከ`OpenStreetMap` ከመጣ `oneway` የሚል ዓምድ አለው። በመሣሪያው የላቁ አማራጮች ውስጥ ይህን ዓምድ እንደ አቅጣጫ ምረጡት፤ ለወደፊት አቅጣጫ `yes`፣ ለተቃራኒው `-1` አስገቡ። ካልነገራችሁት ሁሉንም መንገድ በሁለቱም በኩል ይሄድበታል።

ይህ ተራውንም ይነካል። የቅድሙን የ62 ኪሎ ሜትር ዙር አስታውሱ። ወደ 52 ለማውረድ ያደረግነው መካከል ላይ ያሉትን ሁለት ደንበኞች መገልበጥ ብቻ ነበር። ምዕራብ 3 ከዚያ ምሥራቅ 9 የነበረው፣ ምሥራቅ 9 ከዚያ ምዕራብ 3 ሆነ። ይህ የታወቀ ማሻሻያ ነው፤ 2-ኦፕት ይባላል። የዙሩን አንድ ቁራጭ ትገለብጣላችሁ፣ ካጠረ ትወስዱታላችሁ፣ ካላጠረ ትተዉታላችሁ። ለብዙ ነጥብም ይሠራል። ብዙ ኮዶች ታዲያ ጊዜ ለመቆጠብ የቁራጩን ሁለት ጫፍ ብቻ ነው የሚያወዳድሩት፤ የውስጡ ርቀት ቢገለበጥም ያው ነው ብለው። ዋንዌይ በሌለበት ልክ ናቸው። ዋንዌይ ባለበት መረብ ግን ከሀ ወደ ለ 400 ሜትር፣ ከለ ወደ ሀ 1,900 ሜትር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁራጩን በገለበጣችሁ ቁጥር ሙሉ ርቀቱን እንደገና ከማትሪክሱ ደምሩ። ከላይ ያለው `length` ይህን ያደርጋል፤ እያንዳንዱን `d[a][b]` በሚኬድበት አቅጣጫ ነው የሚያነበው።