ለመምህሯ የጻፍኩት ደብዳቤ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ አንዲት አጭር ደብዳቤ ነው። ልጄ ጉድፍ ይዟት፣ ቺክን ፖክስ የሚባለው ማለቴ ነው፣ ከትምህርት ቤት ቀርታ ነበር። ለመምህሯ መጻፍ ነበረብኝ።

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ማታ ነው። ገላዋን ሳጥባት ሆዷ ላይ ሦስት አራት ቀያይ ነጠብጣቦች አየሁ። የነፍሳት ንክሻ መሰለኝ። ጠዋት ስትነሳ ጀርባዋን ሞልቶታል። አንዳንዱ ቀይ ነጥብ ነው፣ አንዳንዱ ጠል የመሰለ ውሃ ቋጥሯል። ጉድፍ የሚታወቀው በዚህ ነው። ሽፍታው በአንድ ጊዜ ወጥቶ አያበቃም። ለጥቂት ቀናት ተራ በተራ ይወጣል። ስለዚህ አዲሱም፣ ውሃ የቋጠረውም፣ የደረቀውም አንድ ላይ ይታያል።

ስልኬን አንስቼ ጻፍኩ። «ልጄን ስላመማት ዛሬ አትመጣም። ሰኞ ትመለሳለች።» በቃ፣ ይኸው ነበር። ሳልልከው ሐኪም ጋ ገባን። ሐኪሙ ጉድፍ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «ለመጨረሻ ጊዜ ትምህርት ቤት የሄደችው መቼ ነው?» ትናንት ነው አልኩት። «እንግዲያው መምህሯ ማወቅ አለባት» አለኝ። ጉድፍ ሽፍታው ከመውጣቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ይተላለፋል። ልጄ ሰኞም ማክሰኞም ደህና መስላ ከጓደኞቿ ጋር ስትጫወት ውላለች።

እዚያው ወረፋ መጠበቂያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ያንን አጠፋሁና እንደ አዲስ ጻፍኩ። ላንብብላችሁ።

«ውድ መምህርት፣ እንደምን አሉ? ልጄን ማክሰኞ ማታ ጉድፍ ወጣባት። ዛሬ ሐኪም አይቷት አረጋግጦልናል። በሽታው ሽፍታው ሳይወጣም ስለሚተላለፍ፣ ሰኞና ማክሰኞ አብረዋት የነበሩ ልጆች ወላጆች ቢያውቁት መልካም ነው። የያዘው ልጅ ካለ ምልክቱ የሚታየው ከተጋለጠ በኋላ ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በክፍሉ አካባቢ ነፍሰ ጡር ሴት፣ ወይም በሕመም ወይም በመድኃኒት ምክንያት የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ካለ፣ ዛሬውኑ ሐኪሙን ቢያማክር እለምናለሁ። ልጄ የምትመለሰው ውሃ የቋጠረው ሁሉ ደርቆ ቅርፊት ሲይዝ ነው። ሰኞ ይሆናል ብለን እናስባለን። እሁድ ማታ አይቻት ቁርጡን እነግርዎታለሁ። የቤት ሥራ ካለ ይላኩልኝ፣ ትኩሳቷ ሲበርድ ትሠራለች።»

ስለ ነፍሰ ጡሯ የጻፍኩትን መስመር ልተወው አስቤ ነበር። ሰው ማስደንገጥ መሰለኝ። ግን ጉድፍ ይዟት የማያውቅ፣ ክትባቱንም ያልወሰደች ነፍሰ ጡር ከተጋለጠች ለእሷም ለፅንሱም አደጋ አለው። ሊደረግላት የሚችለው መከላከያ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ የቀናት ጉዳይ ነው። እንኳን ጻፍኩት። ረዳት መምህሯ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ኖራለች። እኔ አላወቅኩም። በዚያው ቀን ሄዳ ደሟን ተመርምራ፣ ድሮ በልጅነቷ ይዟት ኖሮ የመከላከል አቅም እንዳላት ነገሯት። ይህን ስሰማ ስልኩን ይዤ ትንሽ ዝም አልኩ።

ወደ መመለሻው ቀን ልምጣ። ብዙ ጊዜ ሽፍታው ከወጣ አምስት ቀን ገደማ ይበቃል ይባላል። ከማክሰኞ ብትቆጥሩት እሁድ ይሞላል። ግን የሚያስመልሳት የቀኑ ቁጥር ሳይሆን ቆዳዋ ነው። እሁድ ማታ መብራት ስር አስቀምጬ ከእግሯ ጀመርኩ። እግሯ ደርቋል። ሆዷ ደርቋል። ጀርባዋም እንዲሁ። ልጨርስ ስል ፀጉሯን ከፈል ከፈል አደረግኩት። ከጆሮዋ በላይ ሁለት ገና ውሃ የቋጠሩ አገኘሁ። ወላጆች፣ ፀጉር ውስጥ ማየት አትርሱ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚያ ነው።

ለመምህሯ መልሼ ጻፍኩ። «ሁለት ያልደረቁ አግኝቻለሁ። ነገ አትመጣም። ነገ ማታ ደግሜ አያለሁ።» ሰኞ ማታ ሁለቱም ጠቁረው፣ ጠንክረው ነበር። ጣቴን ሳሳርፍባቸው አይረጥቡም። ቅርፊቱ እስኪረግፍ መጠበቅ አያስፈልግም። ያ ከሳምንት በላይ ሊወስድ ይችላል። የደረቀ ቅርፊት ደግሞ አያስተላልፍም። ይህንንም ለመምህሯ ጻፍኩላት። ልጆቹ ፊቷ ላይ ያለውን ቅርፊት አይተው እንዳይሸሿት ሰጋሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ይዣት ሄድኩ። መምህሯ በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ሳመቻት። ከዚያ እጇን ይዛ አስገባቻት።