ሦስቱ ቁጥሮች ስለ አንድ ጽሑፍ ምን ይነግሩናል?

ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ ባልደረቦቼ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው። የድረ ገጹን ጠቅላላ ትራፊክ ለሌላ ቀን እናቆየው። አንድ ጽሑፍ ይወጣል። በማግስቱ አዘጋጁ የድረ ገጽ ጎብኚዎችን የሚቆጥረውን ጉግል አናሊቲክስን ይከፍታል። ሦስት ቁጥር ያያል፦ ባውንስ ሬት፣ አማካይ ቆይታና ስክሮል። «ይሄ አልተነበበም፣ ሁለተኛ እንዲህ ዓይነት ርዕስ እንዳንነካ» ይላል። በቃ፣ ጸሐፊው የደከመበት ሥራ ተፈረደበት። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ፍርድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ስህተት ስለሆነ።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ጽሑፉ የቤት ኪራይ ውል እንዴት እንደሚመዘገብ ያስረዳል እንበል። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹን እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው። አንድ ሺህ ጉብኝት አገኘ። ባውንስ ሬቱ 62 በመቶ ነው። አማካይ ቆይታው 48 ሰከንድ ነው። እስከ ገጹ 90 በመቶ ስክሮል ያደረጉት 14 በመቶ ናቸው። እንዲሁ ሲታይ ያስደነግጣል።

ከባውንስ ሬት እንጀምር። ብዙዎቻችን «ገብቶ የወጣ ሰው» ብለን ነው የምናውቀው። ድሮ ልክ ነበር። የቀድሞው የጉግል አናሊቲክስ አንድ ሰው አንድ ገጽ ብቻ አይቶ ከወጣ ባውንስ ይለው ነበር። አስር ደቂቃ ሙሉ ጽሑፉን አንብቦ ቢዘጋውም ያው ባውንስ ነው። ይባስ ብሎ ቆይታውን ዜሮ ብሎ ይመዘግበዋል። ምክንያቱም ጊዜውን የሚያሰላው ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው በተሄደበት ሰዓት ልዩነት ነበር። ሁለተኛ ገጽ ከሌለ የሚቀነስ ነገር የለም።

ያ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ መረጃ መሰብሰብ አቆመ። አሁን የምንጠቀምበት አዲሱ ጉግል አናሊቲክስ፣ GA4፣ ሌላ መለኪያ አለው። ጎብኚው ከ10 ሰከንድ በላይ ከቆየ፣ ወይም ሁለት ገጽ ካየ፣ ወይም እናንተ ቁልፍ ብላችሁ የመዘገባችሁትን ድርጊት ከፈጸመ፣ ባውንስ አይባልም። ስለዚህ የድሮውን ሪፖርት ከአሁኑ ጎን አስቀምጦ «ባውንስ ሬታችን ወረደ፣ ተሻሻልን» ማለት አይቻልም። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ የሚለካው ነገር ተቀይሯል።

ሌላም ነገር አለ። ይህ ቁጥር የሚቆጠረው በጉብኝት ነው። አንድ ሰው ከመነሻ ገጻችን ተነስቶ ወደ ጽሑፉ ቢገባ ሁለት ገጽ አይቷል ማለት ነው። ጽሑፉን በሁለት ሰከንድ ቢዘጋውም ባውንስ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ለአንድ ጽሑፍ ባውንስ ሬትን ስታዩ፣ ጉብኝታቸውን በቀጥታ ከዚያ ጽሑፍ የጀመሩትን ብቻ ለዩ። ከዚያ ደግሞ ከየት እንደመጡ ለዩ። ከጉግል «የኪራይ ውል ምዝገባ» ብሎ ፈልጎ የመጣ ሰውና ቴሌግራም ላይ ርዕሱን አይቶ የነካ ሰው አንድ አይደሉም። የቴሌግራሙ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ቻናሉ ይመለሳል። ይህ የጽሑፉ ድክመት አይደለም፣ የመንገዱ ጠባይ ነው።

አሁን ወደ 48 ሰከንዱ እንምጣ፤ ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ነው። አንዱ ሁለት እንጀራ በልቶ ሌላው ጦሙን ቢያድር፣ በአማካይ አንድ አንድ እንጀራ በልተዋል። አማካይ ቆይታም እንደዚሁ ነው።

እስኪ እናስላው። አንድ ሺህ ጉብኝት በ48 ሰከንድ ሲባዛ 48 ሺህ ሰከንድ ይሆናል። ባውንስ ያደረጉት 620 ናቸው። እነዚህ በአማካይ 4 ሰከንድ ቆዩ ብንል፣ በድምሩ 2,480 ሰከንድ ወሰዱ። የቀረው 45,520 ሰከንድ የ380ዎቹ ነው። ለ380 ሲካፈል ወደ 120 ሰከንድ ይመጣል። ሁለት ደቂቃ! በዚህ ገጽ ላይ 48 ሰከንድ ገደማ የቆየ ሰው ከናካቴው ላይኖር ይችላል። ያሉት ወዲያው የወጡና ተቀምጠው ያነበቡ ሁለት ወገኖች ናቸው።

ሁለት ደቂቃ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ይህን የሚነግራችሁ ዳሽቦርድ የለም። ጽሑፉን ላልሠሩት ሁለት ሦስት ባልደረቦች ስጡና በስልካቸው ያንብቡት። ሰዓት ያዙ። ሦስት ደቂቃ ከወሰደባቸው፣ 380ዎቹ በአማካይ ከጽሑፉ ሁለት ሦስተኛውን ለማንበብ የሚበቃ ጊዜ ሰጥተዋል ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ንባብ ፍጥነት የተሠራ የጊዜ ግምት ለአማርኛ ጽሑፍ አትውሰዱ።

ጊዜው ራሱ ጉድለት አለው። GA4 የሚቆጥረው ገጹ ፊት ለፊት ክፍት ሆኖ የቆየበትን ነው። ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሰውየው ወደ ሌላ አፕ ሲሄድ ቆጠራው ይቆማል። ይሄ ጥሩ ነው። ኮምፒውተር ላይ ግን ገጹን ከፍቶ ቡና ሊጠጣ የወጣም አንባቢ ሆኖ ይቆጠራል። ወደ እኛ ስንመጣ ደግሞ፣ ገጹ እንደተከፈተ ዳታ አጥፍቶ የሚያነብ ሰው ብዙ ነው። የቆይታው ጊዜ የሚላከው በአብዛኛው ሰውየው ገጹን ሲለቅ ነው። ያኔ ኢንተርኔት ከሌለ መረጃው ላይደርስ ይችላል። ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ቆጣቢ አንባቢያችን ባውንስ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ቴሌግራም ውስጥ በኢንስታንት ቪው የሚያነብ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይታይም፤ የገጻችን ቆጣሪ እዚያ አይሠራምና።

የቀረን ስክሮል ነው። GA4 ከፋብሪካው ሲወጣ `scroll` የሚለውን ድርጊት የሚመዘግበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሰውየው የገጹን ቁመት 90 በመቶ ሲደርስ። የገጹን ነው እንጂ የጽሑፉን አይልም። በምሳሌያችን ጽሑፉ የሚያልቀው የገጹ 60 በመቶ ላይ ነው እንበል። ከዚያ በታች ተዛማጅ ዜና፣ ማስታወቂያና የግርጌ ሊንክ አለ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አንብቦ የወጣ ሰው 90 አልደረሰም። ስለዚህ 14 በመቶው ጽሑፉን የጨረሱት ሳይሆኑ ጽሑፉን አልፈው ወደ ታች የወረዱት ናቸው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ምን ምን ድርጊት እንዲመዘገብ የምናዝዝበት ጉግል ታግ ማናጀር ላይ፣ `Element Visibility` የሚባል ትሪገር፣ ማለትም ቆጠራውን የሚያስነሳ ምልክት፣ አለ። ከመጨረሻው አንቀጽ ጋር አያይዙት። አንቀጹ ስክሪን ላይ ሲታይ፣ ከትሪገሩ ጋር ያገናኛችሁት የGA4 ታግ አንድ ድርጊት ይመዘግባል። ያኔ ስንት ሰው ከጽሑፉ መጨረሻ እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ግን ብቻውን አትመኑት። በ12 ሰከንድ መጨረሻ የደረሰ ሰው አላነበበም፤ የሆነ ነገር እየፈለገ ነው።

በእኛ ምሳሌ ምን እንደሚፈልግ መገመት አይከብድም፤ ምን ምን ሰነድ ይዞ መሄድ እንዳለበት ነው። ዝርዝሩ ከጽሑፉ ግርጌ ከሆነ፣ ያንን ለማግኘት ሁሉም ወደ ታች ይሮጣል። ዝርዝሩን ወደ ላይ ብናወጣው ደግሞ ምን እንደሚሆን አስቡ። ሰውየው ገብቶ፣ አይቶ፣ በስምንት ሰከንድ ይወጣል። ቆይታው ይቀንሳል፣ ስክሮሉ ይቀንሳል፣ ባውንስ ሬቱ ያሻቅባል። ሦስቱም ቁጥር «ተበላሸ» ይላል። አንባቢው ግን የመጣበትን አግኝቶ ሄዷል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት፣ አዘጋጁና ጸሐፊው አንድ ነገር ይስማሙ። አንባቢው ከዚህ ገጽ ምን ይዞ እንዲሄድ ነው የምንፈልገው? ሰነዶቹን እንዲያውቅ ከሆነ፣ ያንኑ ትሪገር ዝርዝሩ ላይ አድርጉትና ዝርዝሩን ያዩትን ቁጠሩ። በማግስቱ ዳሽቦርዱ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው እሱ ቁጥር ይሁን።

አመሰግናለሁ።