ከፓስታ ወደ ፓስት፦ የፒ እና የኤፍ ጥያቄዎች

አድማጭ፣ ከቱሉ ዲምቱ፦ «የእንግዳ ማረፊያ መቀበያ ላይ ነው የምሠራው። አንድ የውጭ እንግዳ ኮፒ ፈልጎ ሲጠይቀኝ ቡና አዘዝኩለት። እኔም እንግሊዝኛ ስናገር ፒ እና ኤፍ ይምታቱብኛል። ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ እህታችን፣ ከጆሮዎ ይጀምሩ። እንግዳው ኮፒ ብሎ እርስዎ ኮፊ ከሰሙ፣ ከንፈር ማለማመዱ ብቻውን አይበቃም። ጆሮ ያልለየውን አፍ ቢለየውም በዕድል ነው የሚሆነው።

ለዚህ የምንጠቀመው በአንድ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ ጥንድ ቃላትን ነው። ፓን መጥበሻ ነው፣ ፋን የነፋስ ማራገቢያ። ፖርክ የአሳማ ሥጋ፣ ፎርክ ሹካ። ፓስት ያለፈ፣ ፋስት ፈጣን። ለመጀመሪያው ቀን አንዱ ጥንድ ይበቃዎታል፤ ፓን እና ፋንን እንውሰድ። ሁለቱን ድምፆች አጥርቶ የሚለይ ሰው ካለ ፊቱን በወረቀት ሸፍኖ 20 ጊዜ እያቀላቀለ ያንብብልዎ። አፉ መሸፈን አለበት፣ ምክንያቱም ለኤፍ የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ሲነካ ስለሚታይ ዓይንዎ ለጆሮዎ ይመልስለታል። እርስዎ ፓን ሲሰሙ 1፣ ፋን ሲሰሙ 2 እያሉ ይጻፉ። መጨረሻ ላይ ከ20ው 18 ካገኙ ጆሮዎ ደህና ነው፣ ወደ አፍ ይሂዱ። 10 ገደማ ካገኙ ግን እየገመቱ ነው ማለት ነው።

የሚያነብልዎ ሰው ራሱ ሁለቱን የሚያምታታ ከሆነ ፈተናው ዋጋ የለውም። እንዲህ ያለ ሰው ካላገኙ በስልክ የሚከፈት፣ ቃሉን በድምፅ የሚያሰማ መዝገበ ቃላት ይጠቀሙ። ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ስክሪኑን ወደራሱ አዙሮ እያፈራረቀ ይጫንልዎት። ጆሮዎ ደካማ ከሆነ በየቀኑ 10 ደቂቃ ያህል እንዲህ ይለማመዱ፤ በዚህ ጊዜ ግን መልሱ እስከ መጨረሻ አይቆይ፣ ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ ወዲያው ይነገርዎት። የወንድም የሴትም ድምፅ ይስሙ፤ አንድ ድምፅ ብቻ የለመደ ጆሮ ሌላ ሰው ሲናገር ይጠፋበታል።

አሁን ወደ አፍ። «ፎቶ ኮፒ» የሚለውን ቃል በየቀኑ ነው የሚሉት፣ ሁለቱም ድምፆች አሉበት። መስታወት ፊት ቆመው ቀስ ብለው ይበሉት። ፎ ላይ ጥርስዎ የታችኛውን ከንፈር መንካት አለበት፤ አየሩም ሳይቋረጥ ይወጣል፣ ከፈለጉ «ፍፍፍ» እያሉ ሊያስረዝሙት ይችላሉ። ፒ ላይ ግን ሁለቱ ከንፈሮች ይገጥማሉ፣ አየሩ ለአፍታ ይታገታል፣ ከዚያ በአንዴ ይለቀቃል። ፒን ማስረዝም አይቻልም። ድምፁን መጎተት ከቻሉ ያወጡት ፒ አይደለም፤ ከንፈርዎ ሳይገጥም ቀርቷል።

ብዙ የአዲስ አበባ ዙሪያ ሰው ፓስታና ፖስታን አጥርቶ ይላል፣ እንግሊዝኛ ሲናገር ግን ድምፁ ይጠፋበታል። ፐ ወደ አማርኛ በአብዛኛው የገባው ከውጭ ከመጡ ቃላት ጋር ስለሆነ፣ ነባር ቃሎቻችን ፐ እና ፈን እየለየን እንድንናገር አያስገድዱንም። ስለዚህ ያለዎትን ይዋሱ። «ፓስታ» ይበሉ፣ የመጨረሻውን አናባቢ ይቁረጡት፤ ፓስት ሆነ። እዚያው ላይ ከንፈርዎን ወደ ጥርስ ለውጠው ፋስት ይበሉ። ፓስት፣ ፋስት፣ ፓስት፣ ፋስት፤ በዝግታ፣ ከንፈርዎን እያዩ።

ቃሉ ብቻውን ሲስተካከል ሥራው አልቋል ብለው አያቁሙ። ሰው በወሬ መሐል ነው የሚሳሳተው። የሥራ ባልደረባዎን ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀትና አንድ ሲኒ አስቀምጠው እንዲቀመጡ ያድርጉ። እርስዎ «አይ ኒድ ኤ ኮፒ» ወይም «አይ ኒድ ኤ ኮፊ» ይበሉ፤ እሳቸው የሰሙትን አንስተው ይስጡዎት። ያሰቡትን ካልሰጡዎት አይከራከሩ፣ ደግመው ይበሉት። የእንግዳ መቀበያ ላይ የሚገጥምዎት ይኸው ነውና ይህን ልምምድ ከሁሉም አብልጬ እመክርዎታለሁ።

አድማጭ፣ ከሰበታ፦ «ልጄ የእንግሊዝኛውን ፒ እንደ ጴጥሮስ ጴ አድርጋ ነው የምትጠራው። ያስኬዳታል?»

መልስ፦ ከኤፍ ጋር ስለማታምታታው ሰሚ ብዙ ጊዜ ይረዳታል። ሆኖም የእንግሊዝኛው ድምፅ ጰ አይደለም። በጰ ጊዜ ጉሮሮ ይዘጋል፣ ስለዚህ ከሳንባ የሚመጣ ትንፋሽ አይከተለውም። የእንግሊዝኛው ፒ በቃል መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ግን ትንፋሽ አስከትሎ ነው የሚወጣው። ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ከአፏ ፊት አንጠልጥለው ፓን እንድትል ያድርጉ። ትንፋሹ ካለ ወረቀቱ ዘለል ይላል፤ ካልተንቀሳቀሰ ወይም ጥቂት ብቻ ከተነቃነቀ ገና ጰ እያለች ነው። ከ«ፕ» ቀጥሎ ጥቂት «ህ» እንደምትጨምር አድርጋ፣ «ፕሃን» እያለች ብትጀምር ይቀላታል። ስፑን በመሰሉ ቃላት ላይ ግን ይህን አታድርግ፤ ፒ ከኤስ ቀጥሎ ሲመጣ እንግሊዞቹም ያን ትንፋሽ አያወጡም።

አድማጭ፣ ከሱሉልታ፦ «አስተማሪ ነኝ፣ በክፍሌ ከ50 በላይ ተማሪ አለ። ፒን አጥብቄ ካለማመድኳቸው ወዲህ ፎርን ፖር ማለት ጀመሩ። ምን አጠፋሁ?»

መልስ፦ ይህ ፒን ለብቻው ለረጅም ጊዜ ያለማመደ ክፍል ሊገጥመው የሚችል ነው። ልጆቹ «ጥሩ እንግሊዝኛ ማለት ፒ ነው» የሚል መልእክት ወስደው፣ ኤፍ ባለበትም ያስገቡታል። ከዛሬ ጀምሮ ፒ ያለበትን ቃል ያለ ጥንዱ አያስጠሩ። ፖር እንደ ውኃ ያለውን መቅዳት፣ ፎር አራት ነው። ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይጻፏቸው፣ ፒ በግራ፣ ኤፍ በቀኝ።

በትልቅ ክፍል ውስጥ ማን እንደሰማ ለማወቅ ሁሉም ዓይናቸውን ይጨፍኑ። እርስዎ አንዱን ሲጠሩ ፒ የሰማ ግራ እጁን፣ ኤፍ የሰማ ቀኝ እጁን ያንሣ። ዓይን ሲጨፈን የጎረቤትን እጅ መቅዳት አይኖርም፣ የእርስዎም ከንፈር አይታይም። ያልለዩትን ልብ ብለው ያያሉ፣ ስም ሳይጠሩ።

በቃል መጀመሪያ ያለውን ሲለዩ ወደ መጨረሻው ይሂዱ፤ ቺፕ ርካሽ፣ ቺፍ አለቃ፤ ዋይፕ መጥረግ፣ ዋይፍ ሚስት። ይህ ይከብዳል። ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በቃል መጨረሻ ያለውን ፒ ከንፈራቸውን ገጥመው እዚያው ይተዉታል፣ የመልቀቂያው ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ ልጆቹ የፒን ድምፅ አይፈልጉ፤ ቃሉ በድንገት ቀጥ ካለ ፒ ነው፣ መጨረሻው ላይ የትንፋሽ ፉጨት ከቀጠለ ኤፍ ነው። እንዲህ ብለው ቢነግሯቸው ምን እንደሚያዳምጡ ያውቃሉ።

አድማጭ፣ ከለገጣፎ፦ «ቢ እና ቪስ? እኔ ቬሪን ቤሪ ነው የምለው።»

መልስ፦ መንገዱ ያው ነው። ኤፍን አጥርተው ካሉ ቪ በእጅዎ ነው፦ «ፍፍፍ» እያሉ ጥርስዎን ከከንፈርዎ ሳያነሡ ጉሮሮዎን ያስነዝሩ። እጅዎን ጉሮሮዎ ላይ ቢያደርጉ ንዝረቱ ይሰማዎታል። ከዚያ ቦት ጀልባ፣ ቮት ድምፅ መስጠት፤ ባን ማገድ፣ ቫን ሚኒባስ መሰል መኪና እያሉ በጥንድ ይለማመዱ። ቢ ላይ ከንፈሮችዎ ይገጥማሉ፣ ቪ ላይ ፈጽሞ አይገጥሙም።